በአስር ብር የሚሸጥ፣ ከአስር ብር በላይ የሚያስወጣ ዳቦ

አንድ ትንሽ ዳቦ ቤት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሊጥ ማቡካት ይጀምራል። ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቀዋል፤ እስከ ረፋዱ ድረስ ሻጯ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። ማታ መሳቢያው ሲቆጠር ብሩ ብዙ ነው። ይህ ቤት ይከስራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ነገር ግን ወራት ሲያልፉ ባለቤቱ የማይገባው ነገር ይገጥመዋል፦ ዱቄት አከፋፋዩ ዘንድ ያለበት ዱቤ ይከብዳል፤ የቤት ኪራይ ሲደርስ ከዘመድ መበደር ይመጣል፤ ማቡኪያው ሲበላሽ ማስጠገኛ ይጠፋል። ሽያጭ እያለ ገንዘብ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ተሰርቆ አይደለም። ዳቦው ከመሸጫ ዋጋው በላይ ስለሚያስወጣ ነው።

በብዙ ትንንሽ ዳቦ ቤቶች የተለመደው ስሌት አጭር ነው። የአንድ ኩንታል ዱቄት ዋጋ ይያዛል፣ እርሾና ጨው ይደመርበታል፣ “ከኩንታል ይህን ያህል ዳቦ ይወጣል” ለሚባለው ቁጥር ይካፈላል። የተገኘው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብር ተጨምሮ ዋጋ ይለጠፋል። ስሌቱ ሁለት ስህተት አለበት። አንደኛው ከላይ ያለው ወጪ መጉደሉ ሲሆን ሁሉም ሰው ቢነግሩት ይገባዋል። ሁለተኛው ግን በቀላሉ አይታይም፤ ወጪው የሚካፈለው ለተቆረጠው ዳቦ እንጂ ለተሸጠው አይደለም። ብዙ ዳቦ ቤት የሚጎዳው በዚህ በሁለተኛው ስለሆነ እኔም በዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። በቀን ሁለት ኩንታል ፉርኖ ዱቄት የሚጋግር፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚዘጋ፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ዳቦ ቤት እንውሰድ። የብር ዋጋዎቹን ለማስላት እንዲመቹ መርጫቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ዳቦ ቤት በራሱ ደረሰኝ ይተካቸው። የክብደቱ ስሌት ግን በየትም ቤት የሚሠራ ነው።

ሁለት ኩንታል ዱቄት በ9,000 ብር ሒሳብ 18,000 ብር ነው። ለማጓጓዣና ለጫኝ አውራጅ 300 ብር ይጨመራል፤ ይህ ወጪ ብዙ ጊዜ ከኪስ ስለሚከፈል ደብተር ላይ አይገባም። ሁለት ኪሎ ደረቅ እርሾ 1,200፣ ሁለት ሊትር ዘይት 600፣ ሁለት ኪሎ ስኳር 260፣ ሦስት ኪሎ ጨው 90፣ ውኃው ደግሞ 50 ብር ይሁን። ድምሩ 20,500 ብር ይመጣል። 200 ኪሎው ዱቄት 116 ሊትር ውኃ ከጠጣ፣ ከሌላው ጋር ተደምሮ 325 ኪሎ ሊጥ ይሆናል። እያንዳንዱ ሊጥ በ120 ግራም ሲቆረጥ 2,708 ዳቦ ይወጣል። በምድጃ ውስጥ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉ በእንፋሎት ስለሚሄድ፣ 120 ግራም የነበረው ሊጥ 105 ግራም ያህል የሚመዝን ዳቦ ሆኖ ይወጣል።

20,500 ለ2,708 ሲካፈል 7 ብር ከ57 ሳንቲም ነው። ባለቤቱ ዳቦውን በ10 ብር ሲሸጥ በእያንዳንዱ ሁለት ብር ከአርባ ያህል፣ በቀን ደግሞ ከ6,500 ብር በላይ የሚያተርፍ ይመስለዋል። ዕዳ ውስጥ የሚከተው ይህ ቁጥር ነው።

የጉልበቱን ዋጋ አሁን እንጨምር። ዋናው ጋጋሪ በወር 12,000፣ ሁለቱ ረዳቶች እያንዳንዳቸው 7,000፣ ሻጯ 5,000 ብር ይከፈላቸዋል እንበል፤ በጠቅላላው 31,000 ብር። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ 3,410 ብር ይጨምራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ፈቃድ የወጣውን የሚተካ ሰው ክፍያ በወር ሲታሰብ 1,590 ብር ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት ይመጣል፤ የባለቤቱ የራሱ ድካም። ሌሊት ተነሥቶ ሊጡን የሚቆጣጠረው፣ ቀን ዱቄት ፍለጋ የሚሄደው እሱ ነው። ታሞ ቢተኛ ሥራውን ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሠራቱ አይቀርም፤ ያ ክፍያ የእሱ ደመወዝ ነው። 12,000 ብር ብንለው ጠቅላላው የወር የጉልበት ወጪ 48,000 ብር፣ በቀን ደግሞ 1,850 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት በመደበኛው የ8 ሰዓት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። በዓል ሲደርስ ጋጋሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ከሠሩ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራው ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ ዳቦ ከሌላው ቀን ዳቦ የሚበልጥ ወጪ አለው።

ስለ ነዳጅ ስናስብ ለይተን ልናየው የሚገባ ነገር አለ። ምድጃውን ለማሞቅ የሚነደውና ዳቦውን ለመጋገር የሚነደው አንድ አይደሉም። የናፍጣ ምድጃ ያለው ይህ ዳቦ ቤት በቀን 15 ሊትር ያቃጥላል እንበል። ከዚህ ውስጥ አራቱ ሊትር ባዶውን ምድጃ ለማጋል የሚጠፋ ነው፤ አንድ ዳቦ ቢጋገርም አንድ ሺህ ቢጋገርም ያው ነው። ሊትሩን በ120 ብር ብንይዘው 1,800 ብር፣ ለማቡኪያ ማሽኑና ለመብራት 200፣ መብራት ሲጠፋ ለሚነሣው ጄኔሬተር በአማካይ 150፣ በድምሩ 2,150 ብር ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ምድጃው ከመነሣቱ በፊት ታንከሩን በመለኪያ ዘንግ ማየት፣ ከትኩሱ በኋላ ደግሞ መልሶ ማየት። በኤሌክትሪክ የሚጋግር ቆጣሪውን ያነባል። በእንጨት የሚጋግር ደግሞ የገዛው ባሕር ዛፍ ስንት ቀን እንዳስኬደው ይመዝግብ። እርጥብ እንጨት ረከስ ብሎ ቢገኝም የሙቀቱን ብዙ ክፍል የራሱን ውኃ ለማትነን ስለሚጨርሰው፣ በዳቦ ሲታሰብ ከደረቁ ይወደዳል።

በማሸጊያው ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ደንበኛ በአማካይ አምስት ዳቦ ከገዛ በቀን 500 ያህል ከረጢት ያስፈልጋል፤ አንዱ 2 ብር ቢሆን 1,000 ብር ነው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ፣ እስካሁን በፌስታል ዋጋ ሲያሰሉ የነበሩ ቤቶች የወረቀት ከረጢት ዋጋን በስሌታቸው ማስገባት አለባቸው። ከዚህ ሌላ የቤት ኪራይ 20,000፣ ለጥገና፣ ለጽዳትና ለፈቃድ 5,100 ብር በወር ይኑር። ምድጃውና ማቡኪያው በ960,000 ብር ተገዝተው ስምንት ዓመት የሚያገለግሉ ከሆነ፣ በየወሩ 10,000 ብራቸው እያለቀ ነው። ያ ገንዘብ ዛሬ ከኪስ አይወጣም፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ግን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። እነዚህ በቀን 1,350 ብር ይሆናሉ።

ሁሉም ሲደመር የቀኑ ወጪ 26,850 ብር ነው። ይህን ለ2,708 ስናካፍለው 9 ብር ከ91 ሳንቲም ይመጣል። ገና ከአስር ብር በታች ነው። ወጪውን ሁሉ በጥንቃቄ የመዘገበ ባለቤት እንኳ እዚህ ደርሶ “ትርፉ ትንሽ ነው እንጂ አልከስርም” ሊል ይችላል። አካፋዩ ግን የተሳሳተ ነው። 2,708 ዳቦ በዚያ ቀን በዚያ ቤት አልተሸጠም።

ከሊጡ እንጀምር። ማቡኪያው ግድግዳ ላይ የሚቀረው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጣበቀው፣ መሬት የሚወድቀው ሁለት በመቶ ቢሆን 54 ዳቦ ያህል ይቀንሳል። ወደ ምድጃ የሚገባው 2,650 ገደማ ይሆናል። ከምድጃ ሲወጣ ያረረ፣ ተጣብቆ የተቀደደ፣ ኩፍ ሳይል የገባና ድንጋይ የሆነ 50 ይነሣለት፤ 2,600 ለሽያጭ ይቀርባል። ሠራተኞች የሚበሉትና ለነዳያን የሚሰጠው 20 ነው፤ ይህ ተገቢ ስለሆነ ይቀጥል፣ ነገር ግን ይቆጠር። ማታ ሳይሸጥ የሚያድረው በአማካይ 130 ዳቦ ይሁን። በሙሉ ዋጋ የተሸጠው እንግዲህ 2,450 ነው። ያደረው ዳቦ ለእንስሳት መኖ በ3 ብር ቢሸጥ 390 ብር ይመለሳል። ከወጪው ላይ ይህ ተቀንሶ የቀረው 26,460 ብር ለ2,450 ሲካፈል 10 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል።

ይህ ቤት ዳቦውን በ10 ብር ሲሸጥ በእያንዳንዱ 80 ሳንቲም እየከሰረ ነው። በቀን 1,960 ብር፣ በወር ከ50,000 ብር በላይ ማለት ነው። ኪሳራው ወዲያው የማይታየው፣ ከዚህ ውስጥ የባለቤቱ ያልተከፈለ ደመወዝና የማሽኑ እርጅና 22,000 ብር ያህሉን ስለሚሸፍኑት ነው። የቀረው አከፋፋዩ ዘንድ ዱቤ ሆኖ ይጠራቀማል።

ብክነቱ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ቢሆን ማንም ያየው ነበር። አስቸጋሪ የሚሆነው በትንንሹ ስለሚፈስ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚፈሰው ደግሞ ሊጥ ሲቆረጥ ነው። ልምድ ያለው ቆራጭ በእጁ ይመዝናል፤ ሲደክመው ግን እጁ ይከብዳል። 120 ግራም መሆን ያለበት 125 ቢሆን ለዓይን ልዩነት የለውም። ከተመሳሳዩ ሊጥ ግን በ2,650 ፋንታ 2,550 ዳቦ ገደማ ይወጣል፤ በቀን መቶ ዳቦ ተሰወረ ማለት ነው። ማወቂያው ይህ ነው፦ ከተለያዩ ትሪዎች ላይ አስር ድብልብል ሊጥ ሳይመርጡ አንሥቶ አንድ ላይ መመዘን። ሚዛኑ 1,200 ግራም ማንበብ አለበት። 1,250 ካነበበ የጠፉት መቶ ዳቦዎች የት እንደሄዱ ታወቀ። ከ1,200 ካነሰ ደግሞ ደንበኛው የከፈለበትን እያጣ ነው፤ ለመቶ ግራም ዳቦ ገንዘብ የሰጠ ሰው መቶ ግራም የማግኘት መብት አለው። ቆራጩን በሌሊቱ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻ ላይም መመዘን ያስፈልጋል፤ የሚለወጠው ያኔ ነው።

ሁለተኛው መፍሰሻ ዱቄቱ ራሱ ነው። ደካማ ዱቄት ውኃ አይሸከምም። ደህናው ዱቄት በኩንታል 58 ሊትር ጠጥቶ ጥሩ ሊጥ ከሆነና ሌላው በ55 ሊትር ከላላ፣ በሁለት ኩንታል ላይ 6 ኪሎ ሊጥ፣ ማለትም 50 ዳቦ ልዩነት አለ። 50 ዳቦ በ12 ብር 600 ብር ነው፤ በኩንታል 300 ብር። ስለዚህ በኩንታል 200 ብር የረከሰው ዱቄት በዚህ ቤት የተወደደው ነው። ውኃ በመጨመር ማካካስ ግን አይቻልም፤ የላላ ሊጥ ትሪው ላይ ይንጣለላል፣ ውስጡ ሳይበስል ቅርፊቱ ይቀላል፣ ተመልሶም ከተበላሸው ጋር ይቆጠራል። አዲስ ዱቄት ሲመጣ አንድ ማቡኪያ ሙሉ ሞክሮ የገባውን ውኃና የወጣውን ዳቦ መጻፍ፣ ከሻጩ ቃል የበለጠ ይናገራል። ማዳበሪያው ሲደርስም ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ኩንታል የተባለው 98 ኪሎ ሆኖ ከተገኘ፣ ስሌቱ ሁሉ ከመነሻው ሁለት በመቶ ጎደለ።

ሦስተኛው የሚያድረው ዳቦ ነው። ብዙ ባለቤቶች መደርደሪያ ባዶ ከሚሆን ዳቦ ቢተርፍ ይመርጣሉ። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። የኪራዩንና የደመወዙን ትተን ዱቄቱን፣ እርሾውንና የመጋገሪያውን ናፍጣ ብቻ ብንወስድ አንድ ዳቦ 8 ብር ከ40 ያህል ያስወጣል። አድሮ በ3 ብር ሲሸጥ ከ5 ብር በላይ ይከሰርበታል። በ12 ብር ሊሸጥ ይችል የነበረ ዳቦ ባለመጋገሩ የሚቀረው ትርፍ ግን 3 ብር ገደማ ነው። ደንበኛ በየቀኑ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም፤ ሄዶ ሊቀር ይችላልና። ሆኖም መዝጊያው ሰዓት ላይ አልፎ አልፎ ዳቦ ማለቁ መልካም ምልክት ነው፤ በየማታው 130 ዳቦ ማደሩ ግን አይደለም። የሚያድረው በየትኛው ቀን እንደሚበዛ ለይቶ የጻፈ ሰው፣ በዚያ ቀን የመጨረሻውን ማቡኪያ መቀነስ ይችላል።

የአንድ ዳቦ ወጪ አንድ ጊዜ ተሰልቶ የሚቀመጥ ቁጥርም አይደለም። የዚሁ ቤት ገበያ ቀዝቅዞ በቀን አንድ ኩንታል ብቻ ቢጋግር ምን ይሆናል? ዱቄቱና ከረጢቱ በግማሽ ይቀንሳሉ። ደመወዙ፣ ኪራዩና ምድጃውን ማሞቂያው አራት ሊትር ናፍጣ ግን ባሉበት ይቆያሉ። የቀኑ ወጪ 15,390 ብር ይሆናል፤ ያደረውን ሽያጭ ቀንሰን ለ1,225 ስናካፍለው አንዱ ዳቦ 12 ብር ከ40 ሳንቲም ያስወጣል። ዱቄቱ ያው፣ ጋጋሪው ያው ሆኖ የ1 ብር ከ60 ጭማሪ መጣ። ጎረቤቱ ዳቦ ቤት በ11 ብር ስለሚሸጥ እኔም በ11 ልሽጥ የሚለው አስተሳሰብ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱ በቀን አምስት ኩንታል የሚጋግር፣ ቤቱም የራሱ ከሆነ ወጪው ሌላ ነው።

በስሌቱ የሚገባው ደግሞ የዛሬው የዱቄት ዋጋ ነው። መጋዘን ያለው ዱቄት ባለፈው ወር በረከሰ ተገዝቶ ቢሆንም፣ እሱ ሲያልቅ የሚተካው በዛሬው ዋጋ ነውና። የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ የሚመጣ እርሾም ሆነ የማሽን መለዋወጫ ዋጋው ሳይታሰብ ሊነሣ ይችላል። ዱቄት በኩንታል 500 ብር ሲጨምር በዚህ ቤት አንድ ዳቦ ላይ 41 ሳንቲም ይጨምራል። ይህን አንድ ቁጥር የሚያውቅ ባለቤት የዱቄት ዋጋ ባወቀበት ቀን ምን እንደሚደርስበት ያውቃል።

አሁን ዋጋ እንምረጥ። ወጪው 10 ብር ከ80 ነው። በወጪው ላይ 15 በመቶ መጨመርና ከሽያጩ 15 በመቶ ማትረፍ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያው 12 ብር ከ42፣ ሁለተኛው 12 ብር ከ71 ያደርሳል። የሳንቲም መልስ በሚያስቸግርበት ገበያ ምርጫው 11፣ 12 ወይም 13 ብር ነው። በ11 ብር የቀኑ ትርፍ 490 ብር ብቻ ነው፤ ቆራጩ አምስት ግራም ቢያከብድ ከዚያ በላይ ይጠፋል። በ12 ብር 2,940 ብር ይተርፋል። በ13 ብር 5,390 ብር ይተርፋል፤ ያ ግን ደንበኛው ካልቀነሰ ነው። በ13 ብር ሲሸጥ ሽያጩ በ640 ዳቦ ያህል ከቀነሰ በ12 ብር ሲሸጥ ከነበረው አይሻልም።

በጅምላ ለሚረከቡ ሱቆች በ11 ብር መስጠት ይቻላል፤ ከረጢቱ ስለሚቀር በዳቦ 60 ሳንቲም ያህል ይተርፋል። ይህ የሚሠራው ሱቁ ያልተሸጠውን የማይመልስ ከሆነና በዕለቱ የሚከፍል ከሆነ ብቻ ነው። መመለስ ከተፈቀደለት የሚያድረው ዳቦ ሁሉ ወደ ዳቦ ቤቱ ዞሮ 60 ሳንቲሙን ይበላዋል።

ለዚህ ዳቦ ቤት እኔ የምመርጠው 12 ብር ነው፤ ግራሙም በዋጋው አጠገብ ይለጠፍ። ዳቦ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ግን 12ን ከዚህ ጽሑፍ አትውሰዱት። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የገባውን ዱቄት፣ ከምድጃ የወጣውን፣ ያረረውን፣ የተበላውንና ያደረውን ጻፉ። ናፍጣውን ወይም ቆጣሪውን በፊትና በኋላ ተመልከቱ፤ የራሳችሁንም ደመወዝ አስገቡ። የሳምንቱን ወጪ በሙሉ ዋጋ ለተሸጠው ዳቦ ካካፈላችሁ በኋላ የሚለጠፈውን ዋጋ ወስኑ። የመጀመሪያዎቹን አስር ሊጦች ደግሞ ዛሬ ሌሊት መዝኑ።